ግድግዳው ላይ ያልደረሰው ቢጫ

ጎንደር ውስጥ የማታ ትምህርት ስንጀምር እኔም፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬም ልጆች ወልደን ነበር። እርሷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ሜትር ከእጇ ባይለይም ሒሳብ ግን ያስጨንቃት ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ውጤት ተለጠፈ። ሠንጠረዡ ዙሪያውን በድርብ መስመር ታጥሯል። ስምና አማካይ ውጤት ብቻ ነው ያለው፤ የየትምህርቱ ነጥብ የለም። ከግርጌው እንዲህ ይላል፦ «ስማቸው በቢጫ የተቀባ ተማሪዎች ማክሰኞ የሒሳብ ድጋሚ ፈተና ይወስዳሉ። የቀረ እንደወደቀ ይቆጠራል።»

ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልሁ አየሁት። ወረቀቱ ነጭ ነው፣ ፊደሉ ጥቁር ነው፣ በቃ።

«ወላሂ አንድም ቢጫ የለ!» አለች ጓደኛዬ። «እንግዲህ ሁላችንም አልፈናል። ነይ፣ ሻይ በእኔ።»

ረቡዕ እኔ «አልፈሻል» ስባል እርሷ «ወድቀሻል» ተባለች። ማክሰኞ የተፈተኑት ከመምህሩ አፍ የሰሙት ብቻ ነበሩ። ዓመቱን ልትደግም ነው። ባሏ ደግሞ «ከወደቅሽ ሱቁ ይበቃሻል» ብሏት ነበር።

ክንዷን ይዤ መዝገብ ቤት ገባሁ። ጸሐፊው ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረ፤ የጓደኛዬ ስም እንደ አደይ አበባ ፈክቷል።

«ይኸው ቢጫ! ምነው አታዩም?»

«እኛ የተማሪ ማስታወቂያ የምናነበው እዚህ ገብተን ነው?» አልሁት። «ማተሚያችሁ ከጥቁር ሌላ ቀለም አለው?»

«የለውም።»

መጀመሪያ የታተመውን ወረቀት አስወጣሁት። ቢጫው እንደ አቧራ የሳሱ ግራጫ ነጥቦች ሆኗል፤ እርሱም በመስኮት ብርሃን ካልተያዘ አይታይም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ደግሞ የዚያ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ነጥቦቹን ኮፒው ጨርሶ በልቷቸዋል።

ርእሰ መምህሩ ገብተው ወረቀቱን አገላበጡ። «መጠየቅ ነበረባችሁ» አሉ።

«ምን ብለን፣ ጋሼ? ‹ያልታየን ቢጫ የት አለ› ብለን?»

ጓደኛዬ ሳቋ አመለጣት። እርሳቸው አልሳቁም፤ ግን ፈተናው ለዓርብ ተፈቀደ።

በማግስቱ አዲስ ማስታወቂያ ወጣ፦ «ባለማስተዋላቸው ከፈተና ለቀሩ ተማሪዎች በልዩ አስተያየት ዓርብ ፈተና ይሰጣል።» ባለማስተዋላቸው! ልገነጥለው እጄን ስሰድ ጓደኛዬ ያዘችኝ።

«ተይ እባክሽ፣ እህቴ። ስድቡን ይለጥፉት፣ እኔ ሒሳቡን ልለፍ።»

አለፈች፤ ባሏም ስለ ሱቁ ማንሳቱን ተወ። በተከታዩ ዓመት በድጋሚ ተፈታኞች ስም ትይዩ «ድጋሚ» የሚል ቃል በጥቁር ተጽፎ አየሁ። ጥፋቱን አውቀውት ኖሯል ማለት ነው። ታዲያ ያን ጊዜ «ተሳስተናል» ማለት ምን ይከብድ ነበር?