ባለ አራት ማዕዘኑ መልእክት

ባለቤቴ ቡሬ ላይ፣ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሞባይልና ኮምፒውተር የምትጠግንበት ጠባብ ሱቅ ነበራት። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ቀን ቀን የተማሪዎቼን ድርሰት አርማለሁ፤ ከሥራ በኋላ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ካለ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ሱቋ ሄጄ በሩ ሥር ባለችው ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ እጇን አያለሁ። ጣቶቿ ቀጫጭን ነበሩ። ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ ብሎን ሲያነሱ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለ ንክኪ ስልክ ወደ እኛ ከተማ መግባት በጀመረበት ሰሞን ሥራዋ ተለወጠ። ድሮ የምትጠግናቸው ቁልፍ ያላቸው ስልኮች ነበሩ፤ የእነሱን ሆድ ዕቃ በቃሏ ታውቀዋለች። አዲሶቹ ግን መስታወታቸው እየተሰነጠቀ ይመጡላታል፣ ይህን ደግሞ ማንም አላስተማራትም። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ያለ አንድ ጠጋኝ መጠየቅ ጀመረች። አንድ ሥልጠና ላይ ነው የተዋወቁት። በፌስቡክ ትጽፍለታለች፣ እሱም ይመልስላታል። ይህን ሁሉ ነግራኛለች፣ የደበቀችኝ ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ምንም አልመሰለኝም።

በኋላ ግን ስሙ በቤታችን በዛ። እራት ላይ «እሱ እንዲህ ነው የሚያደርገው» ትለኛለች። «እሱ እንዳለኝ ባደርግ ኖሮ አይበላሽም ነበር» ትላለች። እኔ ስለ አንድ ተማሪዬ ድርሰት ስነግራት «እህ» ብላ ታልፈዋለች፤ ስለዚያ ሰውዬ ስታወራ ግን ዓይኗ ይበራል። 

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታው ወደ ሱቅ ሄደች። እኔ ቤት ነበርኩ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠና ብርሃኑ በራ። ላየው አላሰብኩም ነበር ብል ማን ያምነኛል። አነሣሁት። የላከው ያ ሰውዬ ነው። የጻፈው እንዲህ ሆኖ ታየኝ፦

□□□□□ body □□ □□□□ □□□ hot air □□ □□□□□ touch □□ □□□□□ slow □□□□ □□□□□

ደግሜ አነበብኩት። እንግሊዝኛዬ የአስተማሪ እንግሊዝኛ ነው፣ እነዚህን ቃላት ለመረዳት ግን ይበቃል። ገላ፣ ትኩስ፣ መንካት፣ ቀስ። በመካከላቸው ያለው ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ነው። ያ ስልክ ከመጀመሪያዎቹ ርካሽ ባለ ንክኪ ስልኮች አንዱ ስለነበር የአማርኛ ፊደል አልተጫነበትም። ፊደሉን የማያውቅ ስልክ በእያንዳንዱ ፊደል ፋንታ አንድ ሣጥን እንደሚያስቀምጥ ያን ቀን አላውቅም። ሆነ ብለው የሸሸጉት መሰለኝ። የሚያሳፍረውን በእንግሊዝኛ ጽፈው የቀረውን የሸፈኑት።

ከሰዓት በኋላ ሱቋ ሄድኩ። ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ታነባለች፣ ፈገግ ብላለች። ስገባ ቀና አለችና «ስልኬን አመጣህልኝ?» አለችኝ።

«አላመጣሁም» አልኳት።

«ግድ የለም፣ እዚህ አነበዋለሁ» ብላ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች።

ምን እንደምታነብ መጠየቅ አቃተኝ። ብጠይቅ መልእክቱን ማየቴን ታውቃለች፤ ካልጠየቅኩ ደግሞ ውስጤ ይበላኛል። ዱካዋ ላይ ተቀምጬ የጀርባዋን ነጠላ ሳይ ቆየሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም። ለእሷ ትምህርት ቢሮ ጉዳይ አለኝ ብዬ በሚኒባስ ወደ ፍኖተ ሰላም ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ሰውየውን ስሥለው ነበር። ረጅም፣ ፀጉሩን የተንከባከበ፣ ሽቶ የሚቀባ አድርጌ ሣልኩት። ማንኩሳን ስናልፍ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ።

ሱቁን ጠይቄ አገኘሁት። ረጅም አልነበረም፤ መልኩ ግን ያምራል፣ ይህ ራሱ አናደደኝ። ከእኔ በብዙ ዓመት ያንሳል። ማንነቴን ስነግረው ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። እርሷ ሁልጊዜ ስለ እርስዎ ታነሣልኛለች። ይቀመጡ እንጂ።»

ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። «የምትጽፍላትን አየሁት» ነው ያልኩት።

«የትኛውን?»

«የቅዳሜውን።»

ምንም አልደነገጠም። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረና ከእሷ ጋር የተጻጻፉትን ከፈተልኝ። «ይህን ነው? በስልኳ ነው ያዩት? ስልክ ላይ አማርኛው ለብዙ ሰው አይታይም፤ ከሽንዲም እንዲህ የሚሉኝ ጠጋኞች አሉ። እንግሊዝኛው ብቻ ነው የሚደርሳቸው።»

አነበብኩት። የእሱ ኮምፒውተር ፊደሉን ያውቀዋል። «መጀመሪያ body ውን ፍቺው። ከዚያ hot air ውን አቅርበሽ touch ውን ዙሪያውን slow እያልሽ አሙቂው።» ከሥሩ፣ በኋላ በላከላት ሌላ መልእክት ደግሞ «ማስቲሹ ሲላላ በቀጭን ካርድ አላቅቂው፣ LCD ው ላይ ግን እንዳትቆዪ» ይላል። ቦዲ የሚሉት የስልኩን ሽፋን ነው። ሆት ኤር ሙቅ ነፋስ የሚነፋው መሣሪያቸው ነው። ተች ከላይ የተለጠፈው፣ ጣት የሚነካው መስታወት ነው። ኤልሲዲ ደግሞ ከሥሩ ያለው፣ ምስሉ የሚታይበት ክፍል ነው፤ ሙቀት ከበዛበት ይበላሻል። ጠረጴዛው ላይ ያለ አንድ ስልክ ከፍቶ እያንዳንዱን በጣቱ አሳየኝ።

እዚያ ላይ ሊቀለኝ ይገባ ነበር፤ ትንሽም ቀሎኛል። ነገር ግን ገጹ ክፍት ነበርና ወደ ላይ እየሄድኩ የእሷን ጥያቄዎች አነበብኩ። ረጃጅም ናቸው። ምን እንደሞከረች፣ ምን እንደተበላሸባት፣ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የገመተችውን ሁሉ ጽፋለታለች። እሱም «ጎበዝ፣ እኔ ይህን አላሰብኩትም» ብሏታል። ስልኳ ላይ በሣጥን የሚሸፈነው ይህ ሁሉ ነበር። ለእኔ ግን ከገበያ ምን እንደምገዛ ካልሆነ በቀር እንዲህ ጽፋልኝ አታውቅም። ለካ የሚያስቀናው እንግሊዝኛው አልነበረም።

ልወጣ ስል እንዲህ አልኩት፦ «ለምንድነው የምትቀላቅለው? አማርኛ እኮ ቃል አያንሰውም። ተቹን ዳሳሽ ማለት ትችላለህ። ኤልሲዲውን ማያ፣ ሆት ኤሩን ሞቃት ነፋስ ማለት ትችላለህ።»

«ጋሼ፣ ዕቃው ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ ነው። ስታዝዝም በዚያው ስም ነው።»

«ቢሆንም ሞክረው» አልኩት። ትልቅ ሰው ስለሆንኩ እሺ አለኝ። ምክሬ ለቋንቋው ተቆርቋሪነት ብቻ እንዳልነበረ እሱ አላወቀም። እነሱ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ቋንቋ እንዲጠፋ ፈልጌ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ባለቤቴ ሱቋን በጊዜ ዘግታ መጣች። ነጠላዋን ሳታስቀምጥ ፊቴ ቆመች።

«ፍኖተ ሰላም ምን አልከው?»

«ማንን?»

«ዛሬ የላከልኝን ልንገርህ። ‹ዳሳሹን ከማያው ላይ በሞቃት ነፋስ አላቅቂው› ይላል። ዳሳሹ የትኛው ነው? ማያው የትኛው ነው? የሰው ስልክ እጄ ላይ ተከፍቶ ሦስቴ አነበብኩት። በመጨረሻ ደውዬ ጠየቅኩት፤ ተቹን ማለቱ ነው፣ አንተ እሱ ዘንድ መሄድህንም ነገረኝ። ‹ሞቃት ነፋስ› የሚል ሰው ደግሞ በዚህ አገር አንተ ብቻ ነህ።»

መልእክቱን ስልኳ ላይ እንዳየሁት፣ ምን ምን የሚሉት ቃላት ብቻ እንደታዩኝ፣ እነሱን ይዤ ምን እንዳሰብኩ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። እንዳትቆጣ ፈርቼ ነበር፤ የባሰው ግን አለመቆጣቷ ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጫማዋን ቀስ ብላ አወለቀች።

«ስልኬ እኮ ለእኔም ሣጥን ነው የሚያሳየኝ» አለች። «ለዚህ ነው ሱቅ ሄጄ የማነበው። ብትጠይቀኝ አነብልህ ነበር።»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«የምሰማውን።»

በማግስቱ ለፍኖተ ሰላሙ ልጅ ደውላ እንደ ድሮው እንዲጽፍላት ነገረችው። አንድ ነገር ብቻ ጨመረች። ዋናዎቹን የእንግሊዝኛ ቃላት ከአማርኛው ጋር ሳያጣብቅ፣ በየራሳቸው መስመር ከላይ እስከ ታች በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥላት ጠየቀችው። እንደዚያ ከሆነ ከሱቅ ርቃ ስልኩ ብቻ በእጇ ሲኖርም፣ ሣጥኑን ዘልላ ምን ከምን እንደሚቀድም ትረዳለች። ይህን ዘዴ ያገኘችው ራሷ ናት። እሱም ከሽንዲ ለሚጠይቁት ሁሉ እንደዚያው ይጽፍላቸው ጀመር። ይህን ስትነግረኝ «ጎበዝ» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ የእሱ መሆኑ ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

ከወራት በኋላ ሌላ ስልክ ገዛች። ይኸኛው አዲስ ስለነበር ፊደል ሳይጫንበት አማርኛ ያሳያል። የመጀመሪያውን መልእክት የተቀበለች ቀን ሱቅ ውስጥ ከእሷ ጋር ነበርኩ። ሁለት እጇ ሥራ ላይ ነው፤ በአንዱ ሆት ኤሩን፣ በሌላው መቆንጠጫውን ይዛለች። ስልኩ በራ።

«አንብብልኝ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሣ።

አነሣሁት። ፊደሉ ጥርት ብሎ ይታያል። አማርኛውን እንደ አስተማሪ ጥርት አድርጌ አነበብኩት፤ ቀጭኗን ተጣጣፊ ሽቦ የሚጠሩበት «ፍሌክስ ኬብል» ላይ ስደርስ ግን አፌ ተደናቀፈ። ሳቀች። ደግሜ እንድለው አደረገችኝ፣ እንደገና ተሳሳትኩ።

«እሱ እንዴት ነው የሚለው?» አልኳት።

«ተወው እሱን። ቀጥል፣ ማስቲሹ ሊደርቅብኝ ነው።»

ቀጠልኩ። የሌላ ሰው ምክር ነው፣ የሌላ ሰው «በርቺ» ነው፤ ግን በእኔ ድምፅ ነው የምትሰማው። እያንዳንዱን መስመር ስጨርስ እሺ ትለኛለች፤ ጣቶቿ እኔ እንዳነበብኩት ይሄዳሉ። ቅናቴ ጨርሶ አልለቀቀኝም። መስታወቱ ከሥሩ ላልቶ ቀስ ብሎ ሲነሣ ሳይ ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ የቀረውን አነበብኩላት።