ከአሚን በኋላ የመጣ ልመና

በፍቃዱ የወረዳው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነበር። በሚሊኒየሙ ዓመት በወሎዋ ከተማ መካነ ሰላም ላይ የተነገረ ንግግር ሁሉ የሚሞተው በእሱ እጅ ነው። የክትባቱ ስብሰባ «እናፋጥናለን» ብሎ ያልቃል፤ የእርከን ሥራው «እናፋጥናለን» ብሎ ያልቃል። የአንድ ባልደረባው የሐዘን መግለጫ እንኳ «የጀመረውን እናፋጥናለን» ብሎ ቢያልቅ፣ የሟች ወንድም ድንጋይ አንሥቶ ነበር አሉ።

ሚስቱ የትምወርቅ ከወንዙ ማዶ ታስተምራለች። ባለፈው ክረምት ጎርፉ የእንጨት ድልድዩን ጠርጎ ሲወስድ እሷንም ለጥቂት ነው የሳታት። በግንቦት ለአዲስ ድልድይ የገቢ ማሰባሰቢያ ተጠራና ንግግሩ ለባሏ ተሰጠ። የተማሪ ፈተና እያረመች፣ ቀና እንኳ ሳትል፦

«ስማ፣ ይኼ ድልድይ ዘንድሮ ካልቆመ ዝውውር እጠይቃለሁ። ሌላ ወረዳ፣ አጅባር ተቀምጬ አንተን በሬዲዮ እሰማሃለሁ።»

«ጥሩ ንግግር ጽፌያለሁ እኮ።»

«እስቲ መጨረሻውን።»

ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሁላችንም በተባበረ ክንዳችን ልማታችንን...»

«እናፋጥናለን!» ብላ ጨረሰችለት። «ማነው የሚያፋጥነው? ‹ሁላችንም› ያልከው ሰው ስሙ ማነው? አጨብጭበው ይበተናሉ፤ እኔ ጎርፍ ውስጥ እቀራለሁ።»

«የሙያዬን ነገር ለእኔ ተይው!» ብሎ በሩን ወርውሮ ወጣ። ወጣ እንጂ ቃሏ ተከትሎታል። ወረቀቱን ቀዶ እንደገና ጻፈ፦ «ነገ አይደለም፣ አሁን። ከመቀመጫችን ሳንነሣ እያንዳንዳችን ለድልድዩ የምንሰጠውን በስማችን እንናገር።»

ሰውዬውን ጠላቱም ቢሆን ይህን አይነፍገውም፤ ማሳረጊያው ደኅና ነበር። የሚለምነው አንድ ነገር ነው፤ መቼ እንደሆነ ይታወቃል፤ ከጎረቤቱ ጀርባ የሚደበቅም የለም። ቀድሞ መናገርን ማንም እንደማይወድ ስለሚያውቅም፣ ልጃቸው ጅዳ የምትሠራላቸውን እማማ ሀጀራን መጀመሪያ እንዲናገሩ አስቀድሞ ለመናቸው። «ብረቱ በእኔ ይሁን» አሉት። «ብቻ አንተ ጥራኝ፤ እኔ እንደ አዝማሪ ዘልዬ አልነሣም።»

የትምወርቅ አዲሱን ማሳረጊያ ሰምታ «ይኼስ ሰው የጻፈው ይመስላል» አለች። ከእሷ አፍ ይህ የዓመት ሙገሳ ነው። እሱ ግን አበላሸው። «ካድሬ እንጂ ያገር ሰው አይደለም» ሲሉት ስለሚያንገበግበው፣ ሚስቱን ሳያማክር ከልመናው ፊት ትንሽ ጌጥ ጨመረበት።

አዳራሹ በዕለቱ ጢም አለ፤ ለመስጠት ሳይሆን ለመጠርጠር። አድማሴ የሚባል ገበሬ ከኋላ ጮኸ፦

«ደሞ የምን መዋጮ ነው? ያምናውን ማን በላው?»

«ይንገረን እስቲ!» አለ ሌላው።

በፍቃዱ ግን ወንዙን ተረከ፤ ጎርፉን፣ ግንዱን፣ የሚስቱን ጩኸት። ጉርምርምታው በረደ። አድማሴም ባርኔጣውን አወለቀ። ያን ጊዜ በፍቃዱ እጁን ዘረጋና ጌጡን አወጣ፦

«ዝናቡን የምሕረት፣ ወንዙን የበረከት ያድርግልን!»

«አሚን!»

«የወጣው ይመለስ፣ የታመመው ይዳን!»

«አሚን!»

በዕድሜው እንዲህ ያለ ምላሽ አግኝቶ አያውቅም። ጣመው። ያልጻፈውን ጨመረበት፦ «አገሩን ሰላም ያድርግልን!»

«አሚን!» ብሎ አዳራሹ ተናወጠ። እስላሙ በመዳፉ ፊቱን አበሰ፣ ክርስቲያኑ ጋቢውን አጣፋ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ሲጢጥ አለ። ሕዝቡ ተነሣ።

በወሎ ምርቃት የጉባኤ መውጫ በር ነው። ከተመረቀ በኋላ ሰው ይሄዳል። በፍቃዱ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል፤ ቢሮው ግን ስብሰባ የሚያልቀው በጭብጨባ ነው ብሎ አስረስቶታል።

«ነገ አይደለም፣ አሁን!» ብሎ በጀርባቸው ጮኸ። «ከመቀመጫችን ሳንነሣ!»

«ከየትኛው መቀመጫ?» አለ አድማሴ ከደጃፉ። ሳቁም ከሕዝቡ ጋር ወጣ።

እማማ ሀጀራን በር ላይ ደርሶ ነጠላቸውን ያዘ። «እማማ፣ ብረቱስ?»

«አሚን ካልኩ ወዲያ?» አሉና ነጠላቸውን ነጠቁት። «ተመርቆ የተነሣ ሰው አይለመንም፣ ልጄ። ብቻዬን ሰጥቼ ‹የጅዳ ገንዘብ አቀበጣት› ልባል? ሌላ ቀን ጥራን።»

ሌላውን ቀን ዝናቡ ቀደመው።

 ሰኔ ላይ፣ ውሃው ከወገብ በታች በሆነ ጠዋት ሁሉ፣ በፍቃዱ ሱሪውን ሰብስቦ የትምወርቅን እያዘለ ያሻግራት ጀመር። አንድ ቀን መሐል ወንዝ ላይ እያለከለከ፦

«የትምዬ፣ ለሁለተኛ ስብሰባ እየጻፍኩ ነው።»

«ማን ሊሰማህ?»

«መጀመሪያ ላንቺ አነባለሁ፤ ሙሉውን።»

«እንግዲያው ቶሎ በል፤ የዝውውር ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ» አለችና፣ ማዶ ሲያወርዳት የቀሚሷን ጫፍ ጨምቃ ዞር ሳትል ዳገቱን ያዘች።