የተኮረጀ ሀዘን

አማካሪዋ ነርስ ከእናትየው አጠገብ ተቀመጠች። የልጁ የተመረዘ እግር ዛሬ ካልተቆረጠ መትረፉ አጠራጣሪ ነው፤ እናት ግን አሻፈረኝ ብላለች። ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የእናትየውን እርጋታ እየኮረጀች ቀስ ብላ ስታወራት፣ ዝም ያለችው ሴት አንደበቷ ተፈታ። ይኼኔ ነርሷ መኮረጁን አበዛችው። እናት ደረቷን ስትይዝ እሷም ያዘች፤ «ወይኔ» ስትል «ወይኔ» አለች።

እናት ብድግ አለች። «ታሾፊብኛለሽ?»

«ኧረ በፍጹም፣ እናቴ! ጨንቆኝ ነው» አለች ነርሷ፣ መኮረጁን ረስታ በራሷ ጥድፊያ። «ልጁ እንዳይሞትብን ፈርቼ ነው።»

እናት አፍጥጣ አየቻት። «አንቺ ብትሆኚ ታስቆርጪዋለሽ?»

«አስቆርጠዋለሁ።»

እናት ተመልሳ ተቀመጠችና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «በሉ ቁረጡት» አለች።

ነርሷ የራሷን እጆች የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት።