የሙሽራው ፊት ቀለም

ችግሩ አንድ ፊት ነበር። እህትየው ባሏን ከቀበረች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከሠርጋቸው የቀረው ባለቀለም ምስል አንድ ስላይድ፣ ብርሃን አሳልፈውበት የሚያዩት ቁራጭ ፊልም፣ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከዘመን ብዛት ቀልቶ ሙሽሮቹም ደጃፉም ቀይ ውሃ ውስጥ የተነከሩ መስለዋል። «የፊቱ መልክ ከዓይኔ እየጠፋብኝ ነው» አለችው ታናሽ ወንድሟን። እሱ ዕድሜውን ሙሉ በፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ፊልም ሲያጥብ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ጓዳው ውስጥ ስካነርና ኮምፒውተር ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው።

አቧራውን አራግፎ፣ ማሽኑ ቀለሙን በራሱ እንዳያስተካክል ከልክሎ፣ ስላይዱን ስካን አደረገው። መቅላቱ አላስደነገጠውም፤ እንዲያውም ደስ አለው፣ ምክንያቱን ያውቀዋላ። በስላይድ ውስጥ ሦስት ቀለሞች ተደራርበው ይኖራሉ። ቀይ ብርሃንን የሚያግደው ቀለም ቀድሞ ሲደበዝዝ፣ ቀዩ ከልካይ አጥቶ እንደ ልቡ ያልፋል። ቀይ አልተጨመረም፤ ዘበኛው ነው የሸሸው።

ስለዚህ በኮምፒውተሩ ላይ የምስሉን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለየብቻ ከፈተ። ጥቁር መሆን ያለበትን ወደ ጥቁር፣ ነጭ መሆን ያለበትን ወደ ነጭ ሳበ። ለጥቁሩ ብርሃን ያልነካውን የፊልሙን ጠርዝ፣ ለነጩ የሙሽሪትን ቀሚስ መረጠ። ያ የፈዘዘ ምስል እንቅልፍ እንደጠገበ ሰው ብድግ አለ። ሮጦ እህቱን ጠራት።

መነጽሯን አድርጋ ቀረብ አለች። «ምነው አመድ መሰለ? ሰውዬው ሳያገባኝ ነው እንዴ የሞተው?»

«እትዬ፣ ቀሚስሽን እይው እስቲ፤ ወተት የመሰለ ነጭ ሆኖልሻል።»

«የምን ነጭ? ያ ጨርቅ መጋረጃ ይመስላል ብላ እማዬ ሻይ ውስጥ ነክራው ቅቤ ነበር የመሰለው። አንተ ምን ታውቃለህ፣ ያን ቀን ዓይንህ ከኬኩ ላይ መች ተነቀለ።»

ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ። ቢጫውን በግድ ነጭ ሁን ሲለው፣ ለካ ሰማያዊ ቀለም በሁሉም ላይ ሲያፈስ ኖሯል፤ የአማቹንም ፊት ያመደው እሱ ራሱ ነው።

«የሸሚዙ አንገትጌስ?»

«እሱ ነጭ ነው። ራሴ ነኝ የተኮስኩት።»

ከአንገትጌው እንደገና ጀመረ። ሙሽሮቹ የቆሙበት የሲሚንቶ ደረጃ ግራጫ ሲሆን ልክ መግባቱን አወቀ። ቀሚሱ ቅቤ መሰለ፤ ፊቱ ሞቅ ያለ ጠይም ሆነ።

«መጣ» አለች እህቱ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ።

ከዚያ ወዲህ ወንድምየው አላረፈም። አሁን የያዘው ቀሚሱን ሻይ ውስጥ የነከረችውን እናታቸውን የሚያሳይ ባለቀለም ኔጋቲቭ፣ ብርሃንና ጥላው የተገላበጠ ፊልም፣ ነው። በሁለት ምስሎች መካከል ካለው ባዶ ቦታ የፊልሙን ብርቱካናማ መሠረት ለክቶ አጥፍቶ፣ ምስሉን ገልብጦታል። ግን ጥላው አረንጓዴ፣ ብርሃኑ ሮዝ እየሆነ አስቸግሮታል፤ አንዱን ሲያቀና ሌላው ይጣመማል። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ላይ የየቀለሙን መስመር በጥላው በኩል ለብቻ፣ በብርሃኑ በኩል ለብቻ እያጎበጠ ይሞክራል። የሻርፗ ጠርዝ ነጭ ሳይሆን አይቀርም። ግን ዘንድሮ አይሸወድም፤ እህቱን አስቀድሞ ጠርቷል፣ ወንበሯንም አዘጋጅቷል።