ጠዋት ሳላወጣው የሄድኩት ሥጋ

እናቴ «ሥጋ አማረኝ» ያለችኝ ማክሰኞ ማታ ነው። ይህን ቃል ከአፏ ለመስማት ሦስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። ሐዋሳ ወስጃት የካንሰሩን መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ምግብ ሲቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ነበር የምታዞረው። አጥሚት ሁለት ማንኪያ፣ ሙዝ ግማሽ፣ በቃ። ሐኪሙ ደግሞ ክብደቷ ከዚህ በላይ ከቀነሰ ሁለተኛውን ዙር እንደማይሰጣት ቁርጡን ነግሮኛል። ስለዚህ «ቅቅል፣ መረቁ በዛ ያለ» ስትለኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ረሳሁት!

ከበዓሉ ቅርጫ የደረሰኝ ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። ማታውኑ ወደ ፍሪጁ የታችኛው መደርደሪያ ባወርደው ኖሮ ብርዱን ሳይለቅ ቀስ ብሎ ይፈታ ነበር። ማታ እንቅልፍ ጣለኝ። ጠዋት እሷን አጣጥቤ፣ አንሶላ ቀይሬ፣ ክኒኗን አውጥቼ፣ ቢሮ እንዳላረፍድ ባጃጅ ፍለጋ ስሯሯጥ ሥጋው ከነመፈጠሩ ጠፋኝ። ትዝ ያለኝ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ያውም አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ምሳዋን ስትከፍት ሽታው መጥቶ።

ደወልኩላት። «እማ፣ ሥጋውን ሳላወጣው ወጣሁ። አንቺ ምንም እንዳትነኪ፣ ስመጣ አደርሰዋለሁ።»

«እሺ» አለችኝ።

የእናቴን እሺ የማያውቅ ይመነው። እኔ ግን እያወቅሁ አመንኩ፤ ደክሞኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ግቢ ስገባ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ አጥሩ ሥር ተቀምጣለች። በእጇ ቀጭን እንጨት ይዛለች። ፊት ለፊቷ ትሪ አለ፣ ትሪው ላይ ያ ሥጋ። ፌስታሉ ተቀዷል። ፀሐዩ የአርባ ምንጭ ፀሐይ ነው፤ እኔ ከግቢው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ስደርስ ጀርባዬ ረጥቧል።

«ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ከድመት እየጠበቅሁልሽ ነው» አለችኝ፣ ኩራት በተሞላ ድምፅ።

ደጋው ላይ፣ ጨንቻ ብትሆን ምንም አልነበረም። እዚያ እኩለ ቀን ላይ ጋቢ ይለበሳል፤ ሥጋ ተሰቅሎ ቢውልም የሚደነግጥ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው እዚያ ነው፤ ወደ እኔ የወረደችው በሕመሙ ምክንያት ነው። ጎንበስ ብዬ ነካሁት። ላዩ ሞቋል፣ ውሃ አቅርሯል፣ ውስጡ ግን አሁንም በረዶ ነው። በበዓሉ ዕለት ሰንፌ አብዛኛውን ድርሻዬን ሳልከፋፍል እንዳለ ነበር የከተትኩት።

«ይሄ አይበላም» አልኩ።

«ምን ሆነና?»

«ከአራት ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ውሏል እኮ!»

አከራያችን ጩኸቴን ሰምተው ወጡ። ደግ ሴት ናቸው፣ ግን ሁሉም ነገር ላይ አስተያየት አላቸው። «በደንብ ይቀቀላላ፤ ፍላት የማይገድለው ምን አለ?» አሉ። እናቴም በጋሞኛ አንድ ነገር አለቻቸውና ሁለቱም እንደ ሞኝ አዩኝ። አስረዳኋቸው። ሐዋሳ ሆስፒታል ያለችው ነርስ ደጋግማ የነገረችኝ ነው፤ ሙቀት ላይ የዋለ ሥጋ የሚያወጣው መርዝ አለ፣ ጀርሙ ቢሞት እንኳ መርዙ ተቀቅሎም አይጠፋም። ጤነኛውን ሰው ሆዱን ያሳምመዋል። እናቴ ግን ነጭ የደም ሴሏ ወርዷል፣ እሷን ሊገድላት ይችላል።

የቆሻሻ ጆንያ ውስጥ ከትቼ ጣልኩት። እናቴ «ሥጋ ይጣላል?» አለች። እኔ ደግሞ ምን ብል ጥሩ ነው? «ራስሽን መግደል ከፈለግሽ እኔ ሳልኖር አድርጊው!» አልኳት። ወይኔ! አፌን በቆረጠው። ተነስታ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች፣ አልጋዋ ላይ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፍሪዘሩ ውስጥ አንድ ጠፍጣፋ ፌስታል ቀርቷል፣ ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው። ይህኛውን ስከት እንደምንም አቅም ነበረኝ መሰለኝ፣ በስሱ ጠፍጥፌዋለሁ። አከራያችን ተከትለውኝ ኩሽና ገቡና «ፍል ውሃ ድፊበት፣ ቶሎ ይለቃል» አሉ። ላዩ እየሞቀ ውስጡ በረዶ እንደሚሆን፣ ያው ትሪው ላይ የሆነው ነገር እንደሚደገም ነገርኳቸው። «እንግዲያው ከነበረዶው ድስት ውስጥ ጣይው» አሉ። ይኼ እውነታቸውን ነው፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይበስላል። ግን የእናቴ አፍ በመድኃኒቱ ቆስሏል፤ ሥጋው ጥቃቅን ተደርጎ መከተፍ አለበት፤ በረዶ ደግሞ በቢላ አይከተፍም።

የቀረው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቧንቧውን ከፈትኩት፤ የሚወርደው ፀጉር የሚታጠቡበት ሙቅ ውሃ ነው! ሮቶው ጣራ ላይ ሲጠበስ ውሏል። ቆሜ ሳቅሁ፤ ደስ ብሎኝ ግን አይደለም። ፍሪጁ ውስጥ ለመጠጥ ያስቀመጥኳቸው አራት ጠርሙስ ውሃ ነበሩ። ፌስታሉን በሌላ ያልተቀደደ ፌስታል ደርቤ፣ አየሩን ጨምቄ አስወጥቼ፣ ውሃ እንዳይገባው ጠበቅ አድርጌ ቋጠርኩት። ሳፋ ውስጥ ከትቼ ሁለቱን ጠርሙስ ገለበጥኩበት፣ እንዳይንሳፈፍ ሰሃን ጫንኩበት። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ያንን ውሃ ደፍቼ ሁለቱን ጨመርኩ። እስከዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳፋ አያለሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። እፍረት ያዘኝ።

ሰዓት ሳይሞላ ሥጋው በጣት ሲጫኑት እሺ አለ፣ ግን ቅዝቃዜው አልለቀቀም። ወዲያው ከትፌ ድስት ውስጥ ከተትኩት፤ ቢላውን፣ መክተፊያውን፣ ሳፋውን በሳሙና ፈተግሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለእሳቱ ተውኩት፣ እስኪለሰልስ ድረስ።

ሰሃኑን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እማ፣ ይቅር በይኝ።» ቀና ብላ ማንኪያውን ተቀበለችኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በልቤ እቆጥራለሁ። አምስተኛው ላይ ዓይኗን ጨፍና በግድ ዋጠች። ከዚያ ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋችው።

«አሁን አንቺ ብዪ።»

«እኔ በኋላ እበላለሁ፤ ጨርሺው፣ አማረኝ አላልሽም?»

«እኔን ሥጋ አምሮኝ መሰለሽ?» አለች። «ሽታው ራሱ ያስጠላኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኩሽና ቆመሽ ደረቅ ዳቦ ስትገምጪ በበሩ አይሻለሁ። ለኔ ካልሆነ ድስት አትጥጂም። ቀሚስሽ እንኳ ሰፍቶሻል። ፀሐይ ላይ ያወጣሁትም ደክሞሽ ስትገቢ ተጨማሪ ሥራ እንዳይሆንብሽ ብዬ ነበር።»

ልሟገታት ስል እንባዬ ቀደመኝ። እሷ ማንኪያዋን ዳግም አነሳች። «ነይ፣ አንቺ አንድ ስትጎርሺ እኔም አንድ» አለችኝ። ሐኪሙ ያለውን ያን ክብደት እያሰብኩ አንድ ጎረስኩ፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና አንድ ጎረሰች። እንደዚህ እያልን ሰሃኑን ጨረስነው።