ደረሰኝ የሌለው ጉድጓድ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ወረቀቶቼን በዓመት በዓመት ለይቼ በክር አስሬ አስቀምጫለሁ። በመንግሥት ሥራ ዘመኔ አንዲት ሰነድ ጠፍታብኝ አታውቅም፤ ይህን ስጽፍ ትንሽ ኩራት እንደሚሰማኝ አልደብቅም። ከእነዚያ እስሮች መካከል ግን በፈታሁት ቁጥር መልሼ ማሰር የሚያቅተኝ አንድ አለ። የሰበታው ቤት ነው።

ቤቱን የገዛሁት ገና በንጉሡ ዘመን፣ በአንድ ሚኒስቴር የሒሳብ ክፍል ሹም ሳለሁ ነው። ለማከራየት አስቤ ገዛሁት እንጂ አልኖርኩበትም። የሚጠብቁትና ኪራዩን የሚሰበስቡት የታናሽ እህቴ ባል ነበሩ። የሰበታ ገበሬ ነበሩ፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አንቱ እላቸዋለሁ፣ ሁላችንም በኦሮምኛ አቶ እንደማለት «ኦቦ» ብቻ ብለን እንጠራቸው ነበር። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኪራዩ የእድሳት ወጪ እየተቀነሰ በየዓመቱ እኩል ይካፈላል። ቤቱ ሲሸጥ ደግሞ ከሽያጩ ዋጋ ላይ የግዢው ወጪ፣ በቤቱ ላይ የተጨመረው ግንባታና የሽያጩ ወጪ ይነሣል፤ የግዢውና የግንባታው ገንዘብ ላወጣው ሰው ይመለሳል፤ የሚተርፈው ትርፍ ለሁለታችን እኩል ነው። መጨረሻ ላይ «ማናቸውም ወጪ በደረሰኝ የተረጋገጠ ሲሆን» የሚል ሐረግ ጨመርኩ። በመሥሪያ ቤት ያለዚህ ሐረግ የጻፍኩት ነገር ስለሌለ እጄ በራሱ ጻፈው ማለት ይቻላል።

ለኦቦ አነበብኩላቸው፤ ሳቁ። «የመንግሥት ሰው ውኃ ሲጠጣም ደረሰኝ ይጠይቃል» አሉኝና ፈረሙ።

ዓመታት አለፉ። የሣር ክዳኑን አንሥቼ ቆርቆሮ አለበስኩት፤ አራት መቶ ሰማንያ ብር፣ ከነደረሰኙ። ኦቦ ደግሞ በየጊዜው አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር። የውኃ ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ ውስጡን በድንጋይ አስገነቡ። ከጓሮ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤትና ማድ ቤት ሠሩ። አጣናውን ከሱሉልታ ባለ ባሕር ዛፍ በእጅ በእጅ ከፍለው ገዝተው በአህያ አስጫኑ፤ ግድግዳው በደቦ ቆመ፤ ቆፋሪዎቹም ቀን በቀን በእጃቸው ተቀበሉ። ዘጠኝ መቶ ብር እንደወጣባቸው አውቃለሁ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣም አውቅ ነበር። እህቴ በታመመች ዓመት፣ ለሐኪምም ለቤቱም ብለው ያላቸውን አንድ ማሳ ለአንድ ነጋዴ በወለድ አገድ በሺህ አምስት መቶ ብር አስያዙ። ነጋዴው በወለዱ ፈንታ መሬቱን እያሳረሰ፣ ገንዘቡ በቀነ ገደቡ ካልተመለሰ መሬቱን ሊያስቀር ተዋዋሉ።

ቀነ ገደቡ ሲቃረብ ኦቦ ቤቱን እንሽጠው አሉኝ። ደላላ አገኘን፤ አንድ የእህል ነጋዴ በአራት ሺህ ስምንት መቶ ብር ገዛው።

ለክፍያው የተሰበሰብነው በዚያው በተሸጠው ቤት ግቢ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ነበር። በሁለታችን ስምምነት ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። እህቴ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ደብተሬን ገለጥኩና አነበብኩ። ግዢ፣ ከስም ማዛወሪያና ከደላላ ጋር፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ። ቆርቆሮ፣ አራት መቶ ሰማንያ። ለሽያጩ ደላላና ለውል ጸሐፊ፣ መቶ ሃምሳ። ቀሪው ትርፍ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ። ለያንዳንዳችን ሺህ አንድ መቶ ሃያ አምስት።

«የኔስ?» አሉ ኦቦ።

«ደረሰኝ አለዎት?»

ከጋቢያቸው ስር በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ደስ ብሏቸው ነበር። «ይኸው! አንተ ካልከኝ ቀን ጀምሮ አንድም አልጣልኩም። ስንት ዓመት ከአይጥ ጋር ተሟግቼበታለሁ።»

አንድ በአንድ አየኋቸው። ቀለም። መስታወት። ቁልፍ። እንደገና ቀለም። ከሱቅ የተገዛ ነገር ሁሉ ነበረበት፤ ጉድጓዱና ሰርቪስ ቤቱ ግን የሉበትም።

«ኦቦ፣ ይህ እድሳት ነው። ቤቱን እንደነበረ ለማቆየት የወጣ ነው እንጂ ለቤቱ የጨመረው ነገር የለም። በየዓመቱ ከኪራዩ ላይ ቀንሰነዋል። አሁን እንደገና ባነሣው አንድ ወጪ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።»

በዚህ ልክ ነበርኩ። ዛሬም ልክ ነኝ።

«እሺ፣ ይህን ተወው። ጉድጓዱስ?»

«ጉድጓዱ የሚነሣ ወጪ ነበር። ደረሰኝ የለውም እንጂ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። «ሰውዬ፣ እግርህ ስር እኮ ነው! ራቅ በል እንዳትገባበት።» ሌሎቹም ሳቁ። ከዚያ ሰውየው ሳቁን ትቶ በቁም ነገር አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ግንበኛ ይጠራና ጉድጓዱንና ክፍሎቹን ይገምት፣ ግምቱ ይያዝላቸው።

ሒሳቡን በልቤ ሠራሁት። ዘጠኝ መቶው ቢያዝ ትርፉ ወደ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ይወርዳል፤ ኦቦ የራሳቸው ዘጠኝ መቶ ተመልሶ፣ ከትርፉ ስድስት መቶ ሰባ አምስት ተጨምሮ፣ ሺህ አምስት መቶ ሰባ አምስት ይደርሳቸዋል። ማሳው ይለቀቃል። የኔ ድርሻ የሚጎድለው አራት መቶ ሃምሳ ብር ነው። ለእኔ ያን ያህል የሚያስጨንቅ ገንዘብ አልነበረም። ነገር ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፤ በመሥሪያ ቤቴ ለሚኒስትርም ቢሆን ያለ ደረሰኝ ከፍዬ አላውቅም። «ውሉ ግምት አይልም» አልኩ።

«ዹጋ ነው፣ እውነቱን ነው» አሉ ኦቦ ቀስ ብለው። «አንብቦልኝ ነው የፈረምኩት።»

እህቴ ከበሩ ላይ ሆና «ጋሼ፣ ስትመጣ ከዚሁ ጉድጓድ አይደል የምትጠጣው?» አለችኝ። የኦቦን ድርሻ ቆጥሬ ሰጠሁ። ኦቦ ገንዘባቸውን ሳይቆጥሩ በዚያው መሐረብ አሠሩት።

ማሳውን በወለድ አገድ የያዘው ነጋዴ ጎደሎ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ መሬቱን አስቀረ። ይህን የሰማሁት ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ነው። አራት መቶ ሃምሳ ብር ይዤ ሰበታ ወረድኩ፤ ቤታቸው ተዘግቷል። ቡራዩ አንዲት ክፍል ተከራይተው አገኘኋቸው። ኦቦ ተነሥተው ተቀበሉኝ፤ ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ፖስታውን ሳስቀምጥ ወደ እኔ መልሰው ገፉት።

«ለምኑ ነው ብዬ ልፈርምልህ?» አሉኝ። ፌዝ መስሎኝ ቀና አልኩ። ፌዝ አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥት ተለወጠና መሬት ለአራሹ ሆነ። አንድ ወዳጄ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ ነጋዴውም ማሳውን ተነጠቀ አለኝ። ማሳውን ያገኘው ለነጋዴው ሲያርሰው የነበረ ሰው ነው። ኦቦ በዚያን ጊዜ ቡራዩ የሰው ግቢ ይጠብቁ ነበር። እዚያው አረፉ። እህቴ በቀብሩ ላይ «አንቱ» ብላ አነጋገረችኝ፤ ከዚያ በኋላም «ጋሼ» ብላኝ አታውቅም።

ባለፈው ክረምት እስሩን እንደገና ፈታሁት። የግዢውን ወጪ ከደረሰኞቹ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። የቤቱ ዋጋ፣ ሺህ ስምንት መቶ፣ ውሉ አለ። የስም ማዛወሪያ፣ ሰማንያ ብር፣ የማዘጋጃ ቤት ደረሰኝ አለ። የደላላ፣ አርባ ብር። ደረሰኝ ፈለግሁ። እስሩን ሁሉ በትኜ ፈለግሁ። ያገኘሁት በራሴ እጅ ጽሑፍ የተጻፈች አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ «ለደላላ በእጁ ተሰጠ»። ያን ቀን በጉድጓዱ አጠገብ ይህችን አርባ ብር ከሌሎቹ ጋር ደምሬ ድምፄ ሳይለወጥ አንብቤያታለሁ። ማንም ደረሰኙ የት አለ ብሎ አልጠየቀኝም። ኦቦም አልጠየቁኝም፤ አምነውኝ ነበር።