ሳይገዛ የተበላሸው መኪና

አጎቴ ከደብረ ማርቆስ ሮብ ገበያ እየተመላለሰ የሰው ዶልፊን ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ፣ የራሱን ሚኒባስ ሊገዛ ሲነሣ ዶልፊን ላለመግዛት ምሎ ነበር።

"ዕድሜዬን ከእሷ ጋር ፈጀሁ። የሳሏን ዓይነት እንኳ ለይቼ አውቃለሁ። አሁን ደግሞ የማላውቀው መኪና ይድረሰኝ" አለን።

የማያውቀውስ ተገኝቶለታል። ደላላ ያሳየው አንድ ነጭ ሚኒባስ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ያን ጊዜም አስተካክሎ የሚጠራው ሰው በከተማው አላገኘንም። የወንበሮቹ ላስቲክ አልተነሣም። ወደ ኋላ ሲሄድ ከበስተኋላው ያለውን ሁሉ የሚያሳይ ካሜራ አለው። አጎቴ ስለ ካሜራው ሲያወራ ድምፁ ይለሰልስ ነበር። ግጥም እንደምሞክር ስለሚያውቅም በኋላ መስታወቱ ላይ የሚጻፍ ሁለት ስንኝ አዘዘኝ። መኪናው ሳይገዛ እኔ ሥራ ጀመርሁ።

ሚስቱ ድንች ነጋዴ ናት። ከሮብ ገበያ ድንች ስታመላልስ በየዳገቱ ተበላሽተው በቆሙ መኪኖች ውስጥ ተቀምጣ ብዙ ቆፈን ጠጥታለች።

"የሁለታችን ጥሪት ነው የሚገባበት" አለችው። "እሱ ከቆመ ቤታችንም አብሮ ይቆማል። እስቲ መጀመሪያ እናበላሸው።"

"ምኑን?"

"መኪናውን። ሳንገዛው ይበላሽና የሚሆነውን እንይ።"

በማግስቱ ሁለታችንን አስከትላ ወደ መለዋወጫ ሱቆቹ ወረደች። ለመጀመሪያው ባለ ሱቅ የመኪናውን ዓይነት አጎቴ ነገረው፤ እሷ ደግሞ ያዘነ ፊት አሳይታ፣ "ፍሪሲዮኑ ተቃጠለብን" አለች። ወዲያውም ቀጥላ፣ "የፊት እግሩ ኩሽኔታም ይጮሃል" አለች።

ሰውየው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። "እትዬ፣ ይሄ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል።"

"በስንት ቀን ይመጣል?"

"እዚያ ካለ ቶሎ ይመጣል።"

"ከሌለስ?"

"ከሌለማ ከውጭ ነው። እስከዚያ መኪናውን ጥላ ሥር ያቁሙት፤ ቀለሙ እንዳይለቅ።"

አጎቴ ሳቁን ዋጠ። በሌሎቹም ሱቆች ያው መልስ ነበር፤ አንዱ እንዲያውም እንደዚህ ያለ መኪና መኖሩን ከእኛ ሰማ። ከመጨረሻው ሱቅ ስንወጣ እሷ ተመልሳ አንገቷን አስገባችና የዶልፊን ፍሪሲዮን ጠየቀች። ልጁ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ አወረደው።

"ኦርጅናል ይሁን ኮፒ? ያገለገለም አለኝ።"

"ለነገሩ ነው የጠየቅሁ" አለችና ወጣች።

ቀጥለን አጎቴ የሚነዳውን የሰው መኪና ወደሚያሠራበት ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ ከአንድ ዶልፊን ሥር እግሩ ብቻ ይታያል።

"ያን አዲሱን ሚኒባስ ከፍተኸው ታውቃለህ?" ብሎ አጎቴ ጠየቀው።

"በሩን ነው ሞተሩን?" አሉ እግሮቹ።

"ሞተሩን እንጂ።"

"በሩን ከፍቼ ተቀምጬበታለሁ። ይመቻል።" ተንፏቆ ወጣና እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ጋሼ፣ እፈታዋለሁ፤ መፍታት አያቅተኝም። ግን በአንተ መኪና ነው የምማረው። ደስ ካለህ አምጣው።"

ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ ተስፋ ሳይቆርጥ፣ "አዲስ አበባ ሁሉም ነገር ይገኛል" አለ።

"እንግዲያ አዲስ አበባ ንዳው" አለችው።

ዶልፊን ተገዛ። ዕድሜ የጠገበች፣ ቤንዚን የምትወድ፣ በሯ ሲዘጋ ሰፈሩን የምታነቃ። መካኒኩ ከመግዛታችን በፊት ዘይቷን አይቶ፣ ሞተሯን አዳምጦ፣ ሥሯ ገብቶ፣ "በሽታዋን ሁሉ አውቀዋለሁ" ብሎ ነበር፤ አጎቴ ይህን እንደ ምርቃት ይቁጠረው ወይስ እንደ መርዶ፣ ከፊቱ አይለይም ነበር። እኔም ስለ ነጩ መኪና የጀመርኋቸውን ስንኞች ጣልሁ።

ዶልፊኗ ሥራ በገባች በሳምንቱ፣ ተሳፋሪ ሞልታ የሮብ ገበያን ዳገት ስትወጣ የሞተሯን ማራገቢያ የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ። አጎቴ የሙቀት መለኪያው ቀስት ሲነሣ አይቶ ዳር አቆማት። መለዋወጫ ቺንጋ አልያዘም፤ ዶልፊን በመግዛቱ አኩርፎ ነበርና ለመኪናዋ ምንም አልገዛም። ጋቢና ከሚስቱ አጠገብ ተቀምጬ ጉዱን እጠብቃለሁ። ብዙም ሳይቆይ ከሮብ ገበያ የሚወርድ ሌላ ዶልፊን ደረሰና ቆመ። ሾፌሩ ምን እንደሆነ ጠየቀ እንጂ መኪናዋ ምን ዓይነት እንደሆነች አልጠየቀም። ከወንበሩ ሥር ቺንጋ መዝዞ በመስኮት ሰጠው፤ "ማርቆስ ስትገባ ገዝተህ ትተካልኛለህ" ብሎ ቁልቁለቱን ነድቶ ወረደ።

አጎቴ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ፤ ዲናሞውን አላልቶ ቺንጋውን አስገባና መልሶ ወጥሮ አሰረ። ውኃ ጨመረ። ኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ማማረሩን ገና እያሟሟቁት ነበር፤ ሞተሩ ሲነሣ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

"ካሜራ ቢኖርህ ኖሮ ቺንጋው ሲበጠስ ታየው ነበር?" አለች ሚስቱ።

"ካሜራው የሚያሳየው ኋላውን ነው" አለ አጎቴ፤ ከዚያ ሳቁን መያዝ አልቻለም።

በዚያው ሳምንት ለኋላ መስታወቱ አዲስ ስንኝ ጽፌ ወሰድሁለት፤ ስለ መንገድና ስለ ዕድል ነበር። አንብቦ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። በማግስቱ መኪናዋን ሳያት በትልልቅ ቀይ ፊደል የራሱን አጽፎበታል፦

"ካሜራ የለኝም፤ ራቅ በል።"